የወተት ጂንና አብረውት የሚጓዙት ፊደላት

ጡት የሚጠባ ሕፃን ሁሉ ወተት ይፈጫል። በትንሹ አንጀቱ ግድግዳ ላይ ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ላክቶዝ የተባለውን የወተት ስኳር ለሁለት ከፍሎ ወደ ደም እንዲገባ የሚያደርገው እሱ ነው። በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ግን ልጁ ጡት ከተወ በኋላ ይህ ኢንዛይም እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ሆድ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ አንዳንዴም ተቅማጥ ያስከትላል። የቀሩት ሰዎች ደግሞ ላክቴዝን እስከ እርጅናቸው ሲያመርቱ ይኖራሉ። ይህ ችሎታ በዘር የሚተላለፍ እንደሆነ፣ ከእናት ወይም ከአባት ከአንዳቸው ብቻ መውረሱም እንደሚበቃ ከታወቀ ቆይቷል።

ሳይታወቅ የቆየው ምክንያቱ ነበር። ላክቴዝን የሚያሠራው ጂን 2ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ተመራማሪዎች የጂኑን ፊደላት ወተት ከሚስማማቸውና ከማይስማማቸው ሰዎች ወስደው ሲያነጻጽሩ ኢንዛይሙ ራሱ አንድ ዓይነት ሆኖ አገኙት። ልዩነቱ የት እንዳለ የታወቀው በ2002 ነው። ናቢል ኤናታህ፣ ኢርማ ያርቬላ፣ ሌና ፔልቶነንና የፊንላንድ ባልደረቦቻቸው ከላክቴዝ ጂን መነሻ 13,910 ፊደላት ቀደም ብሎ፣ ኤምሲኤም6 በሚባል ሌላ ጂን ውስጥ፣ አንዲት ፊደል ተለውጣ አገኙ። በአብዛኛው ሰው ላይ ሲ የሆነው ቦታ ወተት በሚስማማቸው ፊንላንዳውያን ላይ ቲ ነበር።

ሦስት ቢሊዮን ፊደላት ካሉት የሰው ዲኤንኤ ውስጥ፣ ያውም በሌላ ጂን ሆድ ዕቃ የተደበቀችን አንዲት ፊደል ፈልጎ ማግኘት የተቻለው በአንድ የተፈጥሮ ጠባይ ምክንያት ነው። ተቀራርበው የሚገኙ የዲኤንኤ ልዩነቶች ከትውልድ ወደ ትውልድ ተያይዘው ይወረሳሉ። የዘርፉ ሰዎች ይህን ሊንኬጅ ዲስኢኩሊብሪየም ይሉታል፤ በዚህ ጽሑፍ ትስስር እንለዋለን። ትስስሩን የተረዳ ሰው የፊንላንዱ ግኝት እንዴት እንደተገኘ ይገባዋል፤ ያ ግኝት ለብዙ ኢትዮጵያውያን ለምን እንደማይሠራም እንዲሁ።

ክሮሞሶም ሲቆረጥና ሲቀጠል

እያንዳንዳችን 23 ጥንድ ክሮሞሶሞች አሉን፤ ከየጥንዱ አንዱ ከአባት፣ ሌላው ከእናት የመጣ ነው። የወንድ ዘር ፍሬ ወይም የሴት እንቁላል ሲዘጋጅ ሁለቱ ጥንዶች ጎን ለጎን ይሰለፉና በአንድ ወይም በሁለት ቦታ ተቆርጠው ቁራጮቻቸውን ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ለልጅ የሚተላለፈው ክሮሞሶም ከፊሉ የአያቱ፣ ከፊሉ የሴት አያቱ የሆነ ቅጥልጥል ነው።

አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ገመድ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል እንበል። ዓይንን ጨፍኖ አንድ ቦታ ላይ ሁለቱንም መቁረጥና ጫፎቹን አቀያይሮ መቋጠር ይቻላል። በነጩ ገመድ በሁለቱ ዳር የነበሩ ሁለት ምልክቶች ከዚህ በኋላ በተለያዩ ገመዶች ላይ ይገኛሉ። በጣት ስፋት ብቻ የሚራራቁ ሁለት ምልክቶች እንዲለያዩ ግን ቢላዋው በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ በትክክል ማረፍ አለበት።

ቁርጦቹ ጥቂት መሆናቸው ነው ነገሩን የሚወስነው። በአንድ የወንድ ዘር ፍሬ ውስጥ በጠቅላላው ዲኤንኤ ላይ በአማካይ 26 ያህል ቁርጦች ይፈጸማሉ፤ በእንቁላል ውስጥ ከዚያ በዛ ይላሉ። ሦስት ቢሊዮን ፊደላት ለእነዚህ ሲከፋፈሉ ከአንዱ ቁርጥ እስከ ሌላው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ፊደላት ሳይነኩ ይተላለፋሉ ማለት ነው። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ልኬት እንዲህ ይላል፤ በአንድ ሚሊዮን ፊደላት የሚራራቁ ሁለት ቦታዎች በአንድ ትውልድ ውስጥ የመለያየት ዕድላቸው አንድ በመቶ ያህል ነው። በአንድ ሺህ ፊደላት የሚራራቁ ከሆነ ዕድሉ ከመቶ ሺህ አንድ ይሆናል።

ትስስር እንዴት ይወለዳል፣ እንዴትስ ይላላል?

አዲስ ለውጥ የሚፈጠረው በአንድ ሰው፣ በአንድ ክሮሞሶም ላይ ነው። ያ ክሮሞሶም ደግሞ ባዶ አይደለም፤ ከለውጡ ግራና ቀኝ ቀድሞ የተሰለፉ የራሱ ልዩነቶች አሉት። በአንድ ክሮሞሶም ላይ እንዲህ ተከታትለው የሚገኙ ልዩነቶች ስብስብ ሃፕሎታይፕ ይባላል። ቲ የምትባለዋ ፊደል መጀመሪያ በተፈጠረችበት ቀን በዓለም ላይ የነበራት አንድ ሃፕሎታይፕ ብቻ ነው። ያን ቀን ቲ ያለበትን ሰው ያገኘ ሁሉ በአካባቢዋ ያሉትን ፊደላት በሙሉ ሳያይ ሊናገር ይችል ነበር።

ከዚያ በኋላ በየትውልዱ የሚፈጸሙት ቁርጦች የመጀመሪያውን ሃፕሎታይፕ ከሁለቱም ዳር እየበሉት ይሄዳሉ። ሩቅ ያሉት ፊደላት ቀድመው ይለያያሉ፤ ቅርብ ያሉት ይቆያሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በአንድ ትውልድ ያለመለያየትን ዕድል በትውልዶቹ ብዛት ልክ በራሱ ማባዛት ነው። ሰባት ሺህ ዓመትን እንውሰድ፤ አንድ ትውልድ 28 ዓመት ከሆነ 250 ትውልዶች ማለት ነው። ከቲ አንድ ሚሊዮን ፊደላት ርቆ ያለው ጎረቤት በየትውልዱ ያለመለያየት ዕድሉ 0.99 ነው፤ ይህ 250 ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.08 ይሆናል። ከመቶው ስምንቱ ብቻ ሳይለያዩ ቀሩ ማለት ነው። መቶ ሺህ ፊደላት የራቀው ጎረቤት ግን 0.78 ይደርሳል። ስምንት ሺህ ፊደላት ብቻ የራቀው ከሰባት ሺህ ዓመት በኋላም 0.98 ላይ ነው።

የቅርብ ጎረቤት እንዲህ ሳይለያይ የሚኖረው የሚያጣብቀው ነገር ስላለ አይደለም። ሁለቱ ፊደላት በሥራ የተገናኙ ላይሆኑም ይችላሉ። በመካከላቸው የሚቆርጥ ቁርጥ ለመምጣት ጊዜ ስላልበቃው ብቻ አብረው ይኖራሉ።

ትስስሩን በቁጥር

ተመራማሪ ይህን የሚለካው እንዴት እንደሆነ በምሳሌ እንይ። መቶ ክሮሞሶሞች አሉ እንበል። በመጀመሪያው ቦታ 40ዎቹ ቲ፣ 60ዎቹ ሲ አላቸው። በሁለተኛው ቦታ ደግሞ 40ዎቹ ኤ፣ 60ዎቹ ጂ አላቸው። ሁለቱ ቦታዎች ምንም ግንኙነት ባይኖራቸው ኖሮ ቲ እና ኤን አንድ ላይ የያዙት ክሮሞሶሞች የ40 ከመቶ 40 ከመቶ፣ ማለትም 16 ብቻ መሆን ነበረባቸው። ቆጥረን 38 ብናገኝ ከሚጠበቀው በ22 በልጧል። ይህ ትርፍ ነው የትስስሩ መነሻ ልኬት፦

```
D  = 0.38 − (0.40 × 0.40) = 0.22
r² = 0.22² ÷ (0.40 × 0.60 × 0.40 × 0.60) = 0.84
```

ሁለተኛው ቁጥር በዜሮና በአንድ መካከል ይውላል። አንድ ሲሆን አንዱን ፊደል ማንበብ ሌላውን እንደማንበብ ነው። ዜሮ ሲሆን አንዱ ስለ ሌላው ምንም አይነግርም። 0.84 ማለት የአንዱን ማወቅ ሌላውን በአብዛኛው፣ ግን ሁልጊዜ ሳይሆን፣ ያሳውቃል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተግባር ችግር አለ። የተለመደው ምርመራ በየቦታው ያሉትን ሁለት ፊደላት ሲነግረን የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋር በአንድ ክሮሞሶም ላይ እንዳለ አይለይልንም። በአንዱ ቦታ ቲ እና ሲ፣ በሌላው ኤ እና ጂ ያለው ሰው ቲ የተጣመረችው ከኤ ጋር ይሁን ከጂ ጋር አይታወቅም። የወላጆችና የልጆች ዲኤንኤ አብሮ ሲነበብ ግን ነገሩ ይጠራል፤ ልጁ ከአባቱ የወሰደው ቁራጭ አንድ ላይ ሆኖ ይታያል።

ብሎኮች

ቁርጦች በክሮሞሶሙ ላይ እኩል ተበታትነው ቢወርዱ ኖሮ ትስስር ከርቀት ጋር ቀስ እያለ ይቀንስ ነበር። እውነታው እንዲያ አይደለም። በእንግሊዝ ሌስተር የአሌክ ጄፍሪስ ቡድን የወንድ ዘር ፍሬዎችን አንድ በአንድ መርምሮ በ2001 እንዳሳየው ቁርጦች የሚዘወተሩባቸው ጠባብ ቦታዎች አሉ፤ ስፋታቸው አንድ ወይም ሁለት ሺህ ፊደላት ያህል ነው። እነዚህ ቦታዎች በጠቅላላው ዲኤንኤ ላይ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። በ2010 ደግሞ ፒአርዲኤም9 የተባለ ፕሮቲን በተወሰነ የፊደላት ቅደም ተከተል ላይ ተቀምጦ የብዙዎቹን ቁርጦች ቦታ እንደሚመርጥ ታወቀ።

ውጤቱ የሚታይ ነው። በሁለት የቁርጥ ቦታዎች መካከል ያለው ዲኤንኤ ለብዙ ትውልዶች ሳይከፋፈል ይተላለፋል፤ ይህ ነው የሃፕሎታይፕ ብሎክ የሚባለው። በብሎኩ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ የሚለዋወጡ ፊደላት ቢኖሩ በሒሳብ ሺዎች ጥምረቶች ሊኖሩ ይችሉ ነበር። በ2002 ስቴሲ ጋብሪኤልና ባልደረቦቿ ሲቆጥሩ ግን በአንድ ብሎክ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት የሚደርሱ ሃፕሎታይፖች ብቻ ከክሮሞሶሞቹ 90 በመቶ ያህሉን ሸፍነው አገኟቸው።

ለምርምር ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው። ከብሎኩ ውስጥ ጥቂት ፊደላትን መርጦ ያነበበ የቀሩትን በግምት መሙላት ይችላል። በ2002 የተጀመረው ሃፕማፕ የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የተነሳው ለዚህ ነበር። በ2005 ባሳተመው የመጀመሪያ ካርታ ከናይጄሪያ ዮሩባዎች፣ ከአሜሪካ ዩታ፣ ከቤጂንግና ከቶኪዮ የተወሰዱ 269 ሰዎች ተካተዋል። ከኢትዮጵያ ማንም አልነበረበትም።

የብሎኮቹ ርዝመት በሁሉም ሕዝብ ዘንድ አንድ አይደለም። የጋብሪኤል ቡድን እንዳገኘው በአውሮፓውያንና በእስያውያን ላይ ግማሹ ዲኤንኤ 44 ሺህ ፊደላትና ከዚያ በላይ በሆኑ ብሎኮች ውስጥ ይገኛል፤ በዮሩባዎችና በአፍሪካ አሜሪካውያን ላይ ግን ቁጥሩ 22 ሺህ ነው። ምክንያቱ ታሪክ ነው። የሰው ልጅ በአፍሪካ ረጅም ዘመን በብዛት ኖሯል፤ የሃፕሎታይፑ ዓይነት ብዙ፣ ቁርጡም የተደራረበ ነው። ከአፍሪካ የወጡት ግን ጥቂት ስለነበሩ የያዟቸው ሃፕሎታይፖችም ጥቂት ነበሩ፤ ዘሮቻቸው እነዚያኑ ጥቂቶች ይዘው ተባዙ።

የፊንላንዱ ፍለጋ ደረጃ በደረጃ

አሁን ወደ ወተቱ እንመለስ። ፊንላንድ ለእንዲህ ዓይነት ፍለጋ የተመቸች አገር ናት። ሕዝቧ በአመዛኙ ከጥቂት ቀደምት ሰፋሪዎች የተዋለደ በመሆኑ ትስስሩ ረጅም ነው፤ የቤተሰብ መዛግብቱም የተሟላ ነው። ተመራማሪዎቹ ዘጠኝ ትልልቅ ቤተሰቦችን ወሰዱ። ማን ላክቴዝ እንዳለው የወሰኑት በወሬ ወይም «ወተት ይስማማሃል?» ብለው በመጠየቅ ሳይሆን በምርመራ ነበር፤ በሽተኛ ነኝ ብሎ የሚያስብ ሁሉ ላክቴዝ የሌለው ስላልሆነ ይህ ጥንቃቄ አስፈላጊ ነበር።

ከዚያ በየቤተሰቡ ውስጥ ላክቴዝ የሌላቸው ሰዎች በ2ኛው ክሮሞሶም ላይ የትኛውን ቁራጭ በጋራ እንደያዙ ተከታተሉ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ትውልዱ ጥቂት ስለሆነ የጋራው ቁራጭ ረጅም ነው፤ የምንፈልገውን ፊደል ከሚሊዮኖች መካከል አይለይልንም። ስለዚህ ከየቤተሰቡ የተገኙትን ሃፕሎታይፖች እርስ በርስ አነጻጸሩ። እነዚህ ቤተሰቦች ከብዙ ትውልድ በፊት አንድ የጋራ ቅድመ አያት ካላቸው በመካከላቸው የተፈጸሙት የጥንት ቁርጦች ሁሉ የጋራውን ቁራጭ አሳጥረውታል። አንድ ሰው በግራ በኩል የተለየ ፊደል ካለው መንስኤው በግራ የለም፤ ሌላው በቀኝ ከተለየ በቀኝም የለም። በዚህ መንገድ ክልሉ ወደ 47 ሺህ ፊደላት ጠበበ።

የቀረው ይህን ክልል ሙሉ በሙሉ ማንበብ ነበር። በውስጡ 52 ልዩነቶች ተገኙ። ከ52ቱ ውስጥ ከላክቴዝ መኖርና አለመኖር ጋር ሳይዛነፍ የገጠመው አንድ ብቻ ነበር፤ በ13,910ኛው ቦታ ያለው ሲ ወይም ቲ። ሁለተኛው ተፎካካሪ በ22,018ኛው ቦታ ያለው ጂ ወይም ኤ ነበር። ከመጀመሪያው የሚርቀው ስምንት ሺህ ፊደላት ያህል ነው። ከአራት ሕዝቦች የተወሰዱ 236 ሰዎች ሲመረመሩ የመጀመሪያው በሁሉም ላይ ገጠመ፤ ሁለተኛው ግን በ229ኙ ላይ ብቻ።

ሁሉም ነገር የተመሠረተው በእነዚያ ሰባት ሰዎች ላይ ነው። ሁለት ፊደላት ሁልጊዜ አብረው ከሆኑ የትኛው ሥራውን እንደሚሠራ፣ የትኛው አብሮ ተጓዥ ብቻ እንደሆነ በስታቲስቲክስ መለየት አይቻልም፤ የሰዎቹ ቁጥር በሺዎች ቢጨመርም አይቻልም። የሚለዩት የተለያዩባቸው ሰዎች ሲገኙ ነው። እንዲህ ያለው ልዩነት በሁለት መንገድ ይመጣል፤ ወይ በመካከላቸው ቁርጥ ደርሷል፣ ወይ አንደኛው ፊደል ከሌላው ቀድሞ የተፈጠረ በመሆኑ ሌላው የሌለባቸው ጥንታዊ ቅጂዎች ቀርተዋል።

ፍርዱን የዘጋው ግን ላቦራቶሪ ነው። በ13,910ኛው ቦታ ዙሪያ ያለው ዲኤንኤ የላክቴዝን ጂን ከሩቅ የሚያበረታ መቆጣጠሪያ ሆኖ ተገኘ፤ ቲ ስትኖር ኦክት-1 የተባለ ፕሮቲን በርትቶ ይይዘዋል፣ ጂኑም በሴል ውስጥ ይበልጥ ይሠራል። ትስስር እስከ ደጃፉ ያደርሳል፤ በሩን የሚከፍተው ግን ሙከራ ነው።

ያልተቆራረጠው ረጅም ሃፕሎታይፕ

በ2004 ቶድ ቤርሳግሊዬሪና ባልደረቦቹ የቲ ፊደል የተቀመጠችበትን ሃፕሎታይፕ በአውሮፓ ዝርያ ባላቸው አሜሪካውያን ላይ ለኩ። ከክሮሞሶሞቹ 77 በመቶ ያህሉ ይዘውታል፤ ርዝመቱም ከአንድ ሚሊዮን ፊደላት በላይ ሆኖ በአብዛኛው ሳይቆራረጥ ይዘልቃል። ይህ እንግዳ ነገር ነው። አንድ ፊደል በዕድል ብቻ እየተባዛ ይህን ያህል ብዙ ሰው ጋር እስኪደርስ እጅግ ረጅም ዘመን ይፈልጋል፤ በዚያ ዘመን ውስጥ ደግሞ ሃፕሎታይፑ ተቆራርጦ አጭር መሆን ነበረበት። የተስፋፋ ፊደል በረጅም ሃፕሎታይፕ ላይ ከተገኘ በፍጥነት ተስፋፍቷል ማለት ነው፤ ወተት መፍጨት የሚችሉት ብዙ ልጆች አሳድገዋል።

ቀደም ያለው ሒሳባችን በአንድ ሚሊዮን ርቀት ስምንት በመቶ ብቻ ይቀራል ብሎ ነበር። ተቃርኖ የለውም። ያ ሒሳብ ሃፕሎታይፑ ሁልጊዜ ከማይመስለው ጋር ይቆረጣል ብሎ ይነሳል። አንድ ሃፕሎታይፕ በፍጥነት ተስፋፍቶ አብዛኛው ሰው ከሁለቱም ወላጆቹ ከወረሰው በኋላ ግን ቁርጥ የሚፈጸመው በሁለት ተመሳሳይ ቅጂዎች መካከል ነው፤ እንዲህ ያለ ቁርጥ ምንም ምልክት አይተውም።

ኢትዮጵያ ላይ ሲደርስ

የቲ ፊደል በአውሮፓ ነገሩን ካብራራች በኋላ ወተት ጠጪ ወደሆኑት የምሥራቅ አፍሪካ አርብቶ አደሮች መጡ። ቲ በአብዛኞቹ ላይ የለችም። በ2007 ሳራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቿ ከታንዛኒያ፣ ከኬንያና ከሱዳን 470 ሰዎችን መርምረው በዚያው መቆጣጠሪያ ውስጥ ሦስት ሌሎች ፊደላት ተለውጠው አገኙ፤ በ14,010ኛው፣ በ13,915ኛውና በ13,907ኛው ቦታ። የመጀመሪያዋ በኬንያና በታንዛኒያ የበዛች ናት፤ የተቀመጠችበት ሃፕሎታይፕም ከሁለት ሚሊዮን ፊደላት በላይ ይዘረጋል። በ13,915ኛው ቦታ ያለችው ደግሞ የግመል ወተት በሚጠጣበት በዓረብ ባሕረ ሰላጤ የተስፋፋች ናት፤ ያረፈችበት ሃፕሎታይፕ ከአውሮፓውያኑ የተለየ ነው። ተፈጥሮ አንዱን ሥራ በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ፊደል፣ ለየብቻ ሠርታዋለች።

በኢትዮጵያ የተገኘው ከሁሉም ይለያል። የለንደኗ ዳላስ ስዋሎው ቡድን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው እንዳሻው በቀለ ጋር ሆኖ በ2013 ባሳተመው ጥናት መቆጣጠሪያውን በኢትዮጵያውያን ላይ ፊደል በፊደል አንብቧል። በአንድ ሕዝብ ውስጥ አንድ ፊደል ገንኖ ከመታየት ይልቅ በመቶ ያህል ፊደላት ስፋት ውስጥ ብቻ ብዙ የተለያዩ ለውጦች ጎን ለጎን ሲኖሩ ተገኙ፤ በ13,907ኛው፣ በ13,915ኛው፣ እንዲሁም በ14,009ኛው ቦታ ያሉት ከእነሱ ዋናዎቹ ናቸው።

ይህ የተለመደውን አመለካከት ይገለብጣል። በአውሮፓ ወተት የሚፈጩት ሰዎች አንድ ረጅም ሃፕሎታይፕ ስለሚጋሩ በዚህ የዲኤንኤ ክፍል እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። በኢትዮጵያ ግን በመቆጣጠሪያው ክፍል ይበልጥ የሚለያዩት ወተት የሚፈጩት ናቸው፤ የማይፈጩት ይበልጥ ይመሳሰላሉ። እያንዳንዱ ጠቃሚ ለውጥ በራሱ ሃፕሎታይፕ ላይ ተቀምጦ አብሮ ስላደገ አንዱ ሌላውን ጠራርጎ አላጠፋውም። በዚህ ምክንያት «አንድ ረጅም፣ የተስፋፋ ሃፕሎታይፕ ፈልግ» የሚለው ዘዴ እዚህ ምልክቱን ያጣል። አንድን ፊደል ይዞ ከወተት መፍጨት ጋር የሚያነጻጽር ሰውም ደካማ ግንኙነት ያገኛል፤ ይህ የሚሆነው ጂኑ ስላልተሳተፈበት ሳይሆን ሥራው በብዙ ፊደላት ስለተከፋፈለ ነው።

ከምርመራ ወረቀቱ ላይ ምን እናንብብ?

ይህ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በስቶክሆልም የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤት ድረስ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ምራቅ ተቀብለው ዲኤንኤ የሚያነቡ የንግድ ምርመራዎች ስለ ወተት ሲናገሩ ብዙውን ጊዜ የሚያነቡት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በውጤቱ ገጽ ላይ rs4988235 ተብሎ የሚጻፈውን፣ ማለትም የፊንላንዱን 13,910ኛ ቦታ። በዚህ ቦታ ከሁለቱም ወላጆቹ ሲ የወረሰ ሰው «ላክቶዝ አይስማማዎትም» የሚል ውጤት ይደርሰዋል። ለፊንላንዳዊ ይህ ጥሩ ትንበያ ነው። ሦስት ፊደላት አለፍ ብላ በ13,907ኛው ቦታ የተቀመጠች ለውጥ ያለችው ኢትዮጵያዊ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ወተት ስትፈጭ ኖራ የተሳሳተ ወረቀት ትቀበላለች።

እውነቱን ማወቅ የፈለገ የትንፋሽ ሃይድሮጂን ምርመራ ሐኪም ዘንድ ማድረግ ይችላል። ሰውየው ሳይበላ ይመጣል፣ በውኃ የተበጠበጠ ላክቶዝ ይጠጣል፣ ከዚያ ለሦስት ሰዓት ያህል በየግማሽ ሰዓቱ ትንፋሹ ይለካል። ስኳሩ ካልተፈጨ ባክቴሪያዎቹ ሃይድሮጂን ስለሚያመነጩ በትንፋሹ ውስጥ ያለው መጠን ከመነሻው በሚሊዮን 20 ክፍልና ከዚያ በላይ ከፍ ይላል። ምርመራው የራሱ ድክመት አለው፤ በቅርቡ አንቲባዮቲክ የወሰደ ወይም ባክቴሪያዎቹ ሃይድሮጂን የማያመነጩ ሰው ላክቴዝ ያለው መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ሆኖም የሚለካው ሥራውን ራሱን ስለሆነ የየትኛው ሕዝብ ፊደል ነው ብሎ አይጠይቅም።

ከወተት አልፎ የስኳር ሕመምን፣ የልብ ሕመምን ወይም ሌላን አደጋ ከዲኤንኤ ለመተንበይ የሚሞክሩ ውጤቶችም በዚሁ ይቸገራሉ። እነዚህ የሚነበቡት ብዙውን ጊዜ መንስኤ ከሆነው ፊደል ሳይሆን በአውሮፓውያን ብሎክ ውስጥ አብሮት ከሚጓዘው ጠቋሚ ነው። ብሎኩ አጭር በሆነበት ሕዝብ ውስጥ ጠቋሚውና መንስኤው ከተለያዩ ዘመናት አልፈዋል፤ ጠቋሚው ይነበባል፣ የሚጠቁመው ነገር ግን አብሮት የለም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ውጤት የደረሰው ሰው ሐኪሙን ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት፤ የተነበበው ፊደል ራሱ መንስኤ መሆኑ በሙከራ ተረጋግጧል ወይ? ግምቱስ የተሠራው በየትኛው ሕዝብ ላይ ነው?

አጭሩ ብሎክ ለተመራማሪ ግን ጥቅም አለው። የፊንላንዱን ፍለጋ የፈታው ሁለቱን ጎረቤቶች የለዩ ሰባት ሰዎች መገኘታቸው ነበር። ቁርጥ በተደራረበበት የአፍሪካ ሕዝብ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በአውሮፓ አብረው ተጣብቀው አንዳቸው ከሌላቸው የማይለዩ ፊደላት እዚህ ተለያይተው ሊመዘኑ ይችላሉ። ይህ የሚሆነው ግን ለአውሮፓ የተመረጡ ጠቋሚዎችን ብቻ በሚያነብ ዘዴ አይደለም። የ14,009ኛው ቦታ ለውጥ የታየው የኢትዮጵያውያን መቆጣጠሪያ ክፍል ሙሉ በሙሉ ስለተነበበ ነው፤ በአንድ ጠቋሚ ፊደል ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ ያች ፊደል ያለባቸው ሰዎች ሁሉ ወተት የማይፈጩ ተብለው ይመዘገቡ ነበር።